ሁለቱም ወላጆች ለሚሠሩበት ቤት የሳምንት የሥራ ፕሮግራም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌ የማደርገው የራሳችንን ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ከሰኞ እስከ ዓርብ እንሠራለን። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ 13፣ ወንዱ 10፣ ትንሿ 7 ዓመታቸው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ከቤት እንወጣለን። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ተሰብስበን እንገባለን። ልጆች 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛሉ። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ በዚያች በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የተፈተነ ነው።

ፕሮግራሙን ከምን ልጀምር?

አብዛኛው ሰው ወረቀት ላይ ሰባት ቀን ያሰምርና ሥራውን እኩል እኩል ለማከፋፈል ይሞክራል። እኛም እንደዚያ ነበር የጀመርነው። ሰኞ መጥረግ፣ ማክሰኞ ልብስ፣ ረቡዕ መታጠቢያ ቤት እያልን ጻፍን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወረቀቱን የሚያየው ጠፋ።

የተሻለው መንገድ ከማይዘገዩት ነገሮች መጀመር ነው። ቢያልፍ የሚጎዳ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ ቤት ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ፦ ሰኞ ጠዋት የሚለበስ ንጹሕ ዩኒፎርም፣ በየማታው የልጆች የመኝታ ሰዓት ሳይደርስ የሚቀርብ እራት፣ እና ቀነ ገደብ ያላቸው ክፍያዎች። ወለሉ ሐሙስ ባይወለወል ዓርብ ይወለወላል። ዩኒፎርም ግን ሰኞ ጠዋት እርጥብ ከሆነ የሚያድነው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የማይዘገዩት ቦታቸውን ይያዙ። ሌላው በተረፈው ቦታ ይገባል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሥራችሁን መዝግቡ። ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፉና እያንዳንዱ ሰው የሠራውንና የወሰደበትን ደቂቃ ይጻፍ። ማሰቡም ሥራ ነውና ይጻፍ። “ሳሙና እያለቀ መሆኑን አስታወስኩ”፣ “የትምህርት ቤቱን ደብተር አይቼ ፈረምኩ” የሚሉትም ይግቡ። ይህን ወረቀት ሳያዩ ስለ ክፍፍል መነጋገር ለጭቅጭቅ ነው። ሁለቱም ወገን የራሱን ድካም እንጂ የሌላውን አያይምና።

ዩኒፎርሙ ሁልጊዜ እሑድ ማታ ነው ትዝ የሚለን። ምን እናድርግ?

ይህ እኛንም በጣም አስቸግሮን ነበር። ልብስ የምናጥበው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይ ካለ ይደርሳል። ደመና ከሆነ ግን ማታ ካውያ ይዘን እርጥብ ሱሪ ስናደርቅ እናመሽ ነበር። አንድ ሰኞ ልጃችን ያልደረቀ ካልሲ አድርጎ ሄደ። ማታ ሲመለስ እግሩ ተጨማድዶ ነበር። ያን ቀን ነው ቁጭ ብለን ወደ ኋላ መቁጠር የጀመርነው።

ወደ ኋላ መቁጠር ማለት እንዲህ ነው። ዩኒፎርሙ ሰኞ ጠዋት ይለበሳል። እንዲለበስ እሑድ ማታ መተኮስ አለበት። እንዲተኮስ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ደርቆ መገኘት አለበት። ወፍራም ጨርቅ ቀዝቃዛ ቀን ላይ ለመድረቅ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል። እንግዲያው የመጨረሻው የማጠቢያ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማጠብ አደጋ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታየን። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ዩኒፎርም አለው። ለምን ሁለቱንም አንድ ቀን እናጥባለን? አሁን የመጀመሪያው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይለበሳል። ረቡዕ ማታ ወልቆ በዚያው ማታ ይታጠባል። የሚፈለገው በቀጣዩ ሰኞ ስለሆነ ለመድረቅ አራት ሙሉ ቀን አለው። ሁለተኛው ሐሙስና ዓርብ ይለበሳል፣ ቅዳሜ ይታጠባል፣ እስከ ቀጣዩ ሐሙስ ማንም አይፈልገውም። አሁን አንዱም ዩኒፎርም አያጣድፍም። የእጥበቱ መጠን አልቀነሰም፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ትንሿ ግን ሸሚዟን በአንድ ቀን ስለምታቆሽሽ ለእሷ ትርፍ ሸሚዞች ጨምረናል።

አንድ ዩኒፎርም ብቻ ካላችሁ ዓርብ ማታ ልጁ ሲያወልቅ ወዲያው እጠቡት። ሁለት ሙሉ ቀን ታገኛላችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሲጨርስ ቤት ሆኖ የሚያሰጣ ሰው ከሌለ አታስጀምሩት። ታጥቦ ሌሊቱን ሙሉ ታምቆ ያደረ ልብስ ይሸታል። ሽታው ደግሞ ልብሱ ሲደርቅ የሚለቅ ሊመስል ይችላል እንጂ ሲለበስና ላብ ሲነካው ይመለሳል፤ ድጋሚ ማጠብ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ልብሱ መድረቁን ለማወቅ መሐሉን አትንኩ። መሐሉ ቀድሞ ይደርቃል። የኮሌታውን ስፌት፣ የኪሱን ውስጥና የወገቡን ጠርዝ ዳስሱ። እነዚያ ቀዝቀዝ ካሉ ገና ነው።

ሥራውን ተካፍለናል፣ ግን አሁንም ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ ነው። ለምን?

የተካፈላችሁት እጁን እንጂ ሐሳቡን ስላልሆነ ነው። አንድ የቤት ሥራ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ አንድ ሰው ያስተውላል፦ የዱቄት ሳሙና ሊያልቅ ነው። ከዚያ ያቅዳል፦ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ይግዛ። መጨረሻ ላይ ይሠራል፦ ይገዛል። በብዙ ቤት መጨረሻው ክፍል ብቻ ይካፈላል። አንዱ “ምን ልርዳሽ?” ይላል። ሌላዋ ዝርዝሩን በጭንቅላቷ ተሸክማ ታዛለች። የታዘዘው ሰው ከልቡ ሠርቷል፤ ያዘዘችው ግን አላረፈችም። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ነው ክርክሩ የማያልቀው።

ስለዚህ ሥራን ሙሉ በሙሉ ስጡ። በእኛ ቤት ልብስ የአንዳችን ነው። ያ ማለት ቅርጫቱ መሙላቱን ማየት፣ ሳሙናው ሳያልቅ ዝርዝር ላይ መጻፍ፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ማጠፍ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስገባት፣ የጠበበውን ለይቶ ማውጣት ሁሉ ማለት ነው። ሌላው ሰው ስለ ልብስ አያስብም። አይጠየቅም፣ አያስታውስም። በምትኩ ምግብና የሳምንቱ አስቤዛ የሌላችን ነው። የትምህርት ቤት ጉዳይ የአንዱ፣ ክፍያዎችና የቤት ጥገና የሌላው።

ይህ እንዲሠራ አንድ ንግግር አስቀድሞ ያስፈልጋል፦ “አለቀ” ማለት ምን ማለት ነው? ለአንዱ ዕቃ ታጠበ ማለት ሳህኖቹ ታጠቡ ማለት ነው። ለሌላው ምድጃው ተጠርጎ፣ ገንዳው ታጥቦ፣ ቆሻሻው ወጥቶ ነው። ይህን ሳይነጋገሩ ሥራ ያስረከቡ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ይጋጫሉ። ተነጋገሩና ሁለታችሁም ልትኖሩበት የምትችሉትን ልክ ወስኑ። ከዚያ በኋላ ያስረከበው ሰው እጁን ይሰብስብ። ፎጣው እሱ በሚያጥፍበት መንገድ ባይታጠፍም ይታገሥ። ከኋላ እየሄዱ ማስተካከል ሥራውን መልሶ መውሰድ ነው።

መቀያየርስ? በየሳምንቱ አትቀያየሩ። ሰው ነገሩን ሳይለምደው ይወሰድበታል። እኛ በየሦስት ወሩ እናየዋለን፤ የሰለቸው ካለ ይቀይራል።

በሥራ ቀን ማታ ምግብ ማብሰል አድካሚ ነው። በየቀኑ ግድ ነው?

አይደለም። እኛ በሳምንት ሁለት ቀን በደንብ እናበስላለን። እሑድ የሚሠራው ለእሑድ፣ ለሰኞና ለማክሰኞ ይበቃል። ረቡዕ የሚሠራው ለረቡዕና ለሐሙስ ነው። ዓርብ ቶሎ የሚደርስ ቀላል ነገር እንበላለን። ቅዳሜ እንደ ልባችን እንሠራለን።

በሰዓት ሲሰላ እንዲህ ነው። ቀድሞ በየማታው አንድ ሰዓት እናበስል ነበር፤ በሳምንት ሰባት ሰዓት። አሁን እሑድ ሁለት ሰዓት፣ ረቡዕ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ዓርብ ግማሽ ሰዓት፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በሦስቱ ቀሪ ቀናት ለማሞቅ አሥር አሥር ደቂቃ። ድምሩ አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። የተረፈው አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አብዛኛው ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ላይ ነው የተረፈው። ልጆች ትምህርታቸውን ይዘው የሚመጡት ደግሞ ያኔ ነው።

ጥንቃቄው አያያዙ ላይ ነው። የበሰለ ምግብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። በትልቅ ድስት እንዳለ አታስገቡት፤ መሐሉ ለረጅም ጊዜ ሙቅ ሆኖ ይቆያል። ጠለቅ በማይሉ ሰፋ ያሉ ዕቃዎች ከፋፍሉት። ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን አለበት። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አታቆዩት። ስታሞቁ የዕለቱን ብቻ አውጡና መሐሉ ድረስ እንፋሎት እስኪወጣው አሙቁት። ሁሉንም አሙቆ የተረፈውን መመለስ ጥሩ አይደለም።

ልጆች በስንት ዓመታቸው ምን ሊሠሩ ይችላሉ?

ልጅ ከልጅ ይለያያል፤ እድሜው መነሻ ብቻ ነው። የእኛ የ7 ዓመቷ ካልሲ ታጣምራለች፣ ገበታ ታሰናዳለች፣ የምሳ ዕቃዎችን ከቦርሳ አውጥታ ገንዳ ውስጥ ታስገባለች። የ10 ዓመቱ ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ያወጣል፣ ዕቃ ያደርቃል። የ13 ዓመቷ ዕቃ ታጥባለች፤ አጠገቧ ትልቅ ሰው ካለ ትተኩሳለች፣ ቀላል ምግብ ትሠራለች። የራሷን የስፖርት ልብስ ሙሉ በሙሉ የምትከታተለው እሷ ናት።

አንድ ነገር ለማንኛቸውም አይሰጥም። በረኪና እና ሌሎች ጠንካራ የማጽጃ ኬሚካሎች የትልቅ ሰው ሥራ ናቸው። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ትልቅ ሰውም ቢሆን አይቀላቅላቸው።

ለልጅ ሥራ ስትሰጡ በሰዓት ሳይሆን በድርጊት እሰሩት። “1 ሰዓት ላይ ገበታ አሰናጂ” ብንላት ትንሿ ሰዓት አታይም። “እጅሽን ታጥበሽ እንደጨረስሽ” ስንላት ግን እጇን በታጠበች ቁጥር ታስታውሳለች። የምሳ ዕቃ የሚወጣው ጫማ ሲወልቅ ነው። ቆሻሻ የሚወጣው እራት እንዳለቀ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አብራችሁ ሥሩ፤ ማሳየቱ ካልቀደመ ንግግሩ ብቻ አይገባቸውም። በፈተና ሰሞን ሥራቸውን አቅልሉላቸው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታስቁሙ። አንዴ የቆመ ልማድ ለመመለስ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ገንዘብ እንክፈላቸው ወይ ለሚለው የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ለየቀኑ ሥራ አይከፈልም። ምግቡን የበላ ሳህኑን ያነሣል። ከተለመደው ውጪ ለሆነ ትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ መጋዘን ለማስተካከል፣ ቢከፈል አልቃወምም።

ከቤት ውጭ ያሉ ጉዳዮች ቅዳሜያችንን በሉት። እንዴት እናሳጥራቸው?

በመጀመሪያ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ያለውን ጉዳይ ከቅዳሜ አውጡ። መድኃኒት ቤቱ ከአንዳችሁ መሥሪያ ቤት መውጫ አጠገብ ከሆነ የእሱ የረቡዕ ሥራ ይሁን። የተረፈውን በአንድ ዙር ጨርሱ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ቀድሞ የሚዘጋው መጀመሪያ፣ የሚበላሸው መጨረሻ። ሥጋና ወተት መኪና ወይም ዘንቢል ውስጥ ወረፋ አብረዋችሁ መጠበቅ የለባቸውም።

ዝርዝሩን ኩሽና ግድግዳ ላይ አድርጉት። ደንቡ አንድ ነው፦ ሲያልቅ ሳይሆን የመጨረሻውን ስትከፍት ጻፍ። የመጨረሻውን የጥርስ ሳሙና የከፈተው የ10 ዓመት ልጅም ቢሆን ይጽፋል። ይህች ደንብ ብቻዋን በሥራ ቀን ማታ ሱቅ መሮጥን ከቤታችን አጠፋችልን ማለት ይቻላል።

ሙሉው ሳምንት ምን ይመስላል?

ሰኞ ከዕቃ ማጠብና የነገ ቦርሳ ከማዘጋጀት ውጪ ምንም የለም። ሰኞ ሁሉም ደክሞ ስለሚገባ ሆን ብለን ባዶ አደረግነው። ማክሰኞ መታጠቢያ ቤቱ ይጸዳል፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ረቡዕ ከባዱ ማታ ነው። አንዳችን ያበስላል፣ ሌላችን የወለቁትን ዩኒፎርሞች ያጥብና ልጆች ሳይተኙ ያሰጣል። ሐሙስ ሁላችንም ሃያ ደቂቃ አንድ ላይ እንጠርጋለን፣ እንወለውላለን። አምስት ሰው በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰው አንድ ሰው ቅዳሜን የሚፈጅበት ነው። ዓርብ ነጻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ይታጠባል። አንሶላ በተራ ነው፤ አንድ ሳምንት የወላጆች፣ አንድ ሳምንት የልጆች። አንዳችን ሲያጥብ ሌላችን አንድ ልጅ ይዞ አስቤዛ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ሥራ የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበሰላል፣ ማታ ይተኮሳል። ከመተኮሱ በፊት እኔና ባለቤቴ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እንቀመጣለን። የምናየው ሦስት ነገር ነው፦ በዚህ ሳምንት ማን ያመሻል፣ ትምህርት ቤት ምን ጠይቋል፣ የትኛው ክፍያ ደርሷል። ያን ካላደረግን ረቡዕ ላይ ሁለታችንም የምናመሽ መሆናችንን የምናውቀው ረቡዕ ነው።

ልጅ ሲታመም ወይም አንዳችን ለሥራ ስንወጣስ?

የተቆረጠች ፕሮግራም ቀድማችሁ አዘጋጁና ከዋናው ጀርባ ጻፏት። በእኛዋ ላይ ያለው ምግብ፣ ዩኒፎርምና ዕቃ ማጠብ ብቻ ነው። መጥረግ፣ አንሶላ፣ መታጠቢያ ቤት ይጠብቃሉ። ችግሩ የሚመጣው ሰው ብቻውን ሆኖ ሙሉውን ፕሮግራም ለመሸፈን ሲሞክር ነው። ያመለጠውንም በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ አድርጋችሁ አትክፈሉ። ያልተወለወለ ወለል ዕዳ የለበትም፤ በተራው ሐሙስ አንድ ጊዜ ይወለወላል።

ፕሮግራሙ እንደማይሠራ በምን አውቃለሁ?

አንድ ሥራ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከተዘለለ ችግሩ ሰውየው ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ሊሆን ይችላል። እኛ መታጠቢያ ቤቱን መጀመሪያ ሐሙስ ላይ ነበር ያደረግነው። ሦስት ሐሙስ ተዘለለ። ባለቤቴን ስጠይቅ፣ ሐሙስ ትልቋን ልጅ ሒሳብ የምታስጠናበት ማታ ሆኖ ተገኘ። ወደ ማክሰኞ አዛወርነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተዘለለም።

ሌላው ምልክት ማስታወሻ ነው። “ልብሱን አሰጣህ?” የሚል ጥያቄ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተጠየቀ ሥራው ገና አልተረከበም ማለት ነው። በእሑዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ አንሡት። የተረከበው ሰው ሥራው ከብዶት ከሆነ ያሳንስ ወይም ይቀይር፤ ረስቶት ከሆነ ስልኩ ላይ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት የሚጮኽ አላርም ይሙላ። አላርሙን የሚሞላው ግን እሱ ራሱ ነው።